«እንደውልልዎታለን» ካሉ በኋላ፦ የቅጥር ጥያቄዎቻችሁ

«ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ጨርሰናል። ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። አዲስ ነገር ሳይኖር ተወዳዳሪዎቹን ምን ልበላቸው?» (ከድሬዳዋ)

አዲስ ነገር እንደሌለ ይንገሯቸው። አንድ ቀን ይምረጡ፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ይሁን። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ቅጥሩ አልተሰረዘም። ቃለ መጠይቁን ካለፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነዎት። የዋናውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ እየጠበቅን ነው። ፈቃዱ መጣም አልመጣም የፊታችን ሐሙስ እንጽፍልዎታለን።» ሥራ የሚጀመርበትን ቀን ግን አይገምቱላቸው፤ በእጅዎ ያለው የሚቀጥለው መልእክት ቀን ብቻ ነው።

«ሳያልፉ አይቀሩም» የሚል ፍንጭ ደግሞ ጨርሶ አይስጡ። ያንን ሰምቶ ያለበትን ሥራ የሚለቅ አለ፤ ፈቃዱ ከቀረ ሰውዬው ከሁለት ያጣ ሊሆን ነው። ስለዚህ «የተፈረመ ደብዳቤ ሳይደርስዎ መልቀቂያ አያስገቡ» የሚል መስመር ይጨምሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ደብዳቤው ጥቅምት 20 ቢወጣ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚደርስልዎት ኅዳር 20 ገደማ ነው። ይህን ለክፍል ኃላፊው ከአሁኑ ያስረዱ።

«ለ3 ሰዓት የጠራናቸው ሁለት ሰዎች ከሰዓት በኋላ መጡ። ጥፋቱ የማን ነው?» (ከሐረር)

የመልእክቱ ነው። «3:00» ተብሎ ሲጻፍ፣ በውጭ ሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ ሰው ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በስልክዎ 9:00» ቢባል ይበቃል። ከድሬዳዋ በደንገጎ ለሚወጣ ተወዳዳሪ ረፈድ ያለ ሰዓት ይስጡ። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ማንንም አይጥሩ፤ የጁምዓ ሰላት ነው።

«ያላለፉት ለምን እንደወደቁ ይጠይቃሉ። መናገሩ ጭቅጭቅ አያመጣም?» (ከድሬዳዋ)

ጭቅጭቅ የሚያመጣው «ልምድ ይጎድልዎታል» ዓይነቱ መልስ ነው፤ ልምዱን ማስታወቂያው ላይ ጠይቃችሁ፣ አሟልቷል ብላችሁ ነውና የጠራችሁት። ከነጥብ መስጫው ላይ አንድ የታየ ነገር ይምረጡ፦ «በባንክ ማስታረቂያው ጥያቄ፣ ወጪ ተደርገው ባንክ ገና ያልከፈላቸውን ቼኮች ከባንኩ ቀሪ ላይ መቀነስ ሲገባ ደምረዋቸዋል። ከ20 ነጥብ 6 ያገኙት በዚህ ነው።» ይህን የሰማ ሰው ምን አጥንቶ እንደሚመለስ ያውቃል። የሌላውን ተወዳዳሪ ውጤት ግን አይንኩ።

ይህ የሚሆነው ፈታኞቹ ከነጥቡ አጠገብ ምክንያቱን በዕለቱ ከጻፉ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ የሚያስታውሱት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ያኔ ምክንያት ፈጥረው ይሰጣሉ። ፈታኙ ሳይጽፍ ከክፍሉ ከወጣ ቅጹን አይቀበሉት።