ቦታ ቀየርን፤ ሰው እንዳይጠፋብን ምን እናድርግ? (ጥያቄና መልስ፣ ደሴ)

ከፒያሳ፦ በየእሑዱ ቼዝ የምንጫወትበት ካፌ ሊዘጋ ስለሆነ ወደ ሆጤ ልንዛወር ነው። 40 ያህል ሰው አለን። ቴሌግራም ላይ ምን ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ «ሰላም ውድ አባላት» ብለህ አትጀምር። ብዙ ሰው መልእክቱን ሳይከፍት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ሰላምታው ያንን መስመር ይበላዋል። እንዲህ ቢሆንስ?

«ከእሑድ ኅዳር 14 ጀምሮ ቼዝ ፒያሳ አይደለም፤ ሆጤ ነው። ኅዳር 7 ግን እዚያው ፒያሳ ነን። ሰዓቱ አልተቀየረም፦ ጠዋት 3 ሰዓት። ሆጤ ስታዲየም ጋ ውረዱ። በሩ አረንጓዴ ብረት ነው፤ ደረጃውን ወጥታችሁ ሁለተኛ ፎቅ። ከጠፋባችሁ በዚህ ስልክ ደውሉ።»

«ኅዳር 7 ግን» የምትለዋን እንዳታወጣት። ማስታወቂያ አንብቦ ቀኑን የማያይ ሰው ሁሌም አለ፤ ሳምንት ቀድሞ ሆጤ ሄዶ የተዘጋ በር ያንኳኳል። «የሚቀጥለው እሑድ» የሚለውንም ተወው። ቅዳሜ ማታ ያነበበው ሰው ነገ ነው ይላል፣ ሰኞ የደረሰው ሌላ እሑድ ያስባል።

ከሮቢት፦ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለምን? ላይቭ ሎኬሽን መላክ አይበቃም እንዴ?

መልስ፦ ሎኬሽን ላክ፤ እሱ ላይ ልክ ነህ። ላይቩ ግን የሚያሳየው ስልክህ ያለበትን ነው። አንተ ቤት ሆነህ ከላክኸው ሰው ቤትህ ይመጣል፣ የሰጠኸው ጊዜ ሲያልቅም ይቆማል። አዲሱ ቦታ በር ላይ ቆመህ ቋሚውን ላክ፤ `Share My Live Location` የሚለውን አትንካ። ርቀህ የምትልክ ከሆነ ነጥቡን ካርታው ላይ ጎትተህ በሩ ላይ አድርሰው። ከሕንፃው ጀርባ ከወደቀ ሰው በታችኛው መንገድ ይመጣና ከግንብ ጋር ይፋጠጣል። ደሴ ዳገት ናት፤ ካርታ ላይ 50 ሜትር የመሰለው ዞሮ መውጣት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ቀኝና ግራ ነው። ከኮምቦልቻ ለመጣ ቀኝ የሆነው ከሐይቅ በኩል ለመጣ ግራ ነው። «ከዋናው መንገድ በጦሳ በኩል» ወይም «በአዝዋ ገደል በኩል» ካልህ ግን ከየትም ይምጣ አይሳሳትም። ጉም ሲወርድ ጦሳ ራሱ ስለሚጠፋ አጠገቡ ያለ ምልክት ጨምርበት፦ በር፣ ቀለም፣ የሱቅ ጽሑፍ።

ከሰኞ ገበያ፦ ልጄ፣ የእኛም ዕድር አዳራሽ ቀይሯል። ግማሹ አባል ስልክ አይነካም። ለመሆኑ የአዳራሽ ኪራይ አሁን ስንት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ የኪራዩን ነገር ከባለቤቱ ጋር ይነጋገሩበት፤ ስለ ቦታው ልመልስልዎት። አሮጌው አዳራሽ በምትሰበሰቡበት የመጨረሻ ቀን ጸሐፊው መዋጮ ሲቀበል ለእያንዳንዱ አባል አዲሱን ቦታ በቃሉ ይንገረው፣ ከስሙ አጠገብም ምልክት ያድርግ። ምልክት የሌለው ስም ያልሰማ ሰው ነው፤ ለእሱ ጎረቤቱን ይላኩበት። በጥሩምባ ግን አታስለፍፉ። ሰው ጥሩምባ ሲሰማ መርዶ መስሎት ይደነግጣል።

ከኮምቦልቻ፦ እሑድ እሑድ ለቼዙ ደሴ እመጣለሁ። ግሩፑ ላይ ከላይ የተሰካው መልእክት አሁንም ፒያሳ ይላል፣ ታች ደግሞ ሆጤ የሚል አየሁ። የቱን ልመን?

መልስ፦ የታችኛውን እመኚ፣ ግን ጥፋቱ የአስተባባሪዎቹ ነው። አሮጌውን ነቅለው አዲሱን መሰካት ነበረባቸው። አሮጌውን ኤዲት ማድረግም አይበቃም፤ ለአባላቱ አዲስ መልእክት ሆኖ አይደርስም፣ ወደ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ የተደረገውም እንደነበረ ይቀራል። የግሩፑ መግለጫ ላይ ፒያሳ የሚል ካለ እሱም ይቀየር፤ አዲስ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ከፒያሳ፦ አሮጌው ቦታ ላይ ሰው እናቁም? ወረቀት ብንለጥፍ ይበቃል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ካፌው እስኪዘጋ ወረቀቱ ይለጠፍ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። በላስቲክ ሸፍኑት፣ ዝናብ ቀለሙን ያጥበዋል። ግን የጠፋበት ሰው ከማንበብ ይልቅ ዘበኛውን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለዘበኛውና ለአስተናጋጆቹ ንገሯቸው፣ ስልክ ቁጥሩንም ተውላቸው። ሰው ደግሞ ለሁለት እሑድ ከ2፡45 እስከ 3፡30 ይቁም።

ከሮቢት፦ ሁለት እሑድ በዛ። አንዱ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ግሩፑን የማያይ ሰው ነው።

መልስ፦ እኔም የምለው ለእሱ ነው። በወር አንዴ ብቅ የሚል ካላችሁ እንዲያውም አራት እሑድ ሊያስፈልግ ይችላል። ማን በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አይታችሁ ወስኑ።