ሽንኩርቱን ከመዳፍ ወደ መክተፊያ ያውርዱት

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። በየጠዋቱ አምስት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ለቁሌት እከትፋለሁ። ሽንኩርቱን መዳፌ ላይ አድርጌ በትንሽ ቢላዋ ስለምከትፍ አውራ ጣቴ ከቁስል ተለይቶ አያውቅም። ትልቅ ቢላዋ ገዝቼ ነበር፤ ግን ይንሸራተትብኛል፣ ፈራሁት። የትኛው ይሻለኛል? እንዴትስ ልያዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ትልቁን ቢላዋ ካስቀመጡበት ያውጡት። በትንሽ ቢላዋ መዳፍ ላይ ሲከትፉ ስለቱ የሚመጣው ወደ አውራ ጣትዎ ነው። አንድ ሽንኩርት ለቤት ሲከተፍ ችግር የለውም፤ አምስት ኪሎ ላይ ግን እጅ ይደክማል፣ የደከመ እጅ ደግሞ ስለቱን በጊዜ አያቆምም።

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ስለቱ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቢላዋ ነው። ከርዝመቱ ይበልጥ ግን ወርዱን ይመልከቱ። ስለቱ መክተፊያው ላይ ሲያርፍ እጀታውን የያዙት ጣቶች ጣውላውን መንካት የለባቸውም፤ ለዚህ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ይበቃል። ጀርባው ቀጭን ይሁን። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ ለሥጋ ደኅና ነው፤ ሽንኩርትን ግን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቀዋል።

ይንሸራተትብኛል ያሉት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው የደነዘዘ ስለት ነው። የሽንኩርቱን ልጣጭ ሳይጫኑ በስለቱ ይሳቡት፤ ወዲያው ካልገባበት ደንዝዟል። የደነዘዘ ቢላዋ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝም ይበዛል። ሞረድ ከሌለ የሴራሚክ ሳህን ገልብጠው ግርጌው ላይ ያለውን ያልተቀባ ሻካራ ክብ ይጠቀሙ፤ ቢላዋውን አስተኝተው ጀርባውን ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገው በሁለቱም በኩል እኩል ጊዜ ይሳሉት። ሁለተኛው ምክንያት መክተፊያው ራሱ መንቀሳቀሱ ነው። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያንጥፉ። መክተፊያዎ ጠባብ ከሆነ ጅማ ላይ የእንጨት ባለሙያ አይጠፋም፤ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር አድርገው ከዋንዛ ያሠሩት። መስታወትና እብነ በረድ ላይ አይክተፉ፣ ስለቱን ይገድላሉ።

አሁን ወደ አያያዙ። አብዛኛው ሰው እጀታውን ጨብጦ ሌባ ጣቱን በቢላዋው ጀርባ ላይ ይዘረጋል። እንዲህ ሲያዝ ቢላዋው ወደ ጎን ይወላገዳል። እርስዎ እጅዎን ወደ ፊት ያስጠጉና ከእጀታው ቀጥሎ ያለውን ብረት፣ ወደ ጀርባው ጠጋ ብለው፣ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ ጎን ይቆንጥጡት። የቀሩት ሦስት ጣቶች እጀታውን ላላ አድርገው ይያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ይከብድዎታል።

ሽንኩርቱን የሚይዘው ግራ እጅ ደግሞ የጣቶቹን ጫፍ ወደ ውስጥ ያጥፍ፣ አውራ ጣቱም ከኋላቸው ይደበቅ። የቢላዋው ጎን የመካከለኛውን ጣት አንጓ እየታከከ ይውረድ። ስለቱን ከአንጓው በላይ ካላነሱት ጣት የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ግራኝ ከሆኑ ሁሉንም ይገልብጡት።

አንድ ሽንኩርት እንያዝ። ጫፉን ይቁረጡ፣ ሥሩን ግን ይተዉት። በሥሩ መካከል አድርገው ለሁለት ይክፈሉት፤ ከዚያ መላጥ ይቀላል። ግማሹን በጠፍጣፋ ጎኑ ያስተኙት፣ ሥሩ ወደ ግራ ይሁን። ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ሲቀር እያቆሙ በርዝመቱ ሦስት ሚሊ ሜትር በሚሆን ልዩነት ይሰንጥቁት፤ ሥሩ ሽንኩርቱ እንዳይበተን ይይዘዋል። በዳር በኩል ስለቱን ወደ መካከል ዘንበል ያድርጉት። አንዳንድ ሼፎች ቢላዋውን አጋድመው ወደ መዳፋቸው ይቆርጣሉ፤ ለእኛ ቀይ ሽንኩርት ይህ ትርፉ አደጋ ነው፣ የሽንኩርቱ ንብርብር ራሱ ከፋፍሎታል። ቀጥሎ ከጫፉ ጀምረው አግድም ይክተፉ። ስለቱን ወደ ታች ብቻ አይጫኑት፣ ወደ ፊት እየገፉ ያውርዱት።

ጣት የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ የሚያዝ ነገር ሲያልቅ ነው። ሥሩ አጠገብ ሲደርሱ የቀረውን በሰፊው ጎኑ ያስተኙትና ሁለት ሦስቴ ቆርጠው ሥሩን ይጣሉት። ለቁሌት ይበልጥ ማድቀቅ ከፈለጉ ከትፈው ይከምሩት፣ የግራ መዳፍዎን በቢላዋው ጀርባ ላይ ጫፉ አካባቢ ያሳርፉ፣ ጫፉን ከጣውላው ሳያነሱ እጀታውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ብሌንደር ይፈጥናል የሚሉ አሉ፤ ሽንኩርቱን ውኃ ስለሚያደርገው ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱን ኪሎ ብቻ በዚህ መንገድ፣ ሌላውን በለመዱት ይክተፉ። ፍጥነቱን ሳይሆን ቁርጥራጮቹ እኩል መሆናቸውን ይዩ፤ ድስት ውስጥ ደቃቁ አርሮ ትልቁ ጥሬ ከቀረ የስንጥቆቹ ልዩነት እኩል አልነበረም ማለት ነው። ትንሿን ቢላዋ ለመላጫ ያስቀሯት።