ጫጫታው ሳይሆን የካሴት ማጫወቻህ ፍጥነት ነው

«ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሙዚቃ ቤት አለኝ። የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ዴጃቩ በሚባለው ፕሮግራም የድምፅ አሻራ አወጣሁላቸው። ከራሴ ስፒከር በስልክ 10 ሰከንድ ቀድቼ ስጠይቀው ወዲያው ያገኘዋል። ከሚኒባስ ወይም ከካፌ የቀዳሁትን ግን ዘፈኑ ጥርት ብሎ እየተሰማ እንኳ አያውቀውም። ጫጫታው ነው ብዬ በድምፅ ማጽጃ ባጸዳው ጭራሽ ባሰበት። ምን ይሻለኛል?»

እኔ የምጠረጥረው ካሴት ማጫወቻህን ነው። ከራስህ ስፒከር የቀዳኸውን የሚያገኘው ድምፁም አሻራውም ከአንድ ማሽን ስለወጡ ነው፤ ማሽኑ ቢፈጥን ሁለቱም እኩል ፈጥነዋል። ሚኒባሱ የሚያጫውተው ግን በትክክለኛው ፍጥነት የተባዛውን ነው። ጥፋቱ የጫጫታ ቢሆን ኖሮ አንዱን እያገኘ ሌላውን ይስት ነበር እንጂ ጥርት ያለውን ሁሉ አይስትም ነበር።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ይቺን ነገር መረዳት ብዙ ልፋት ያድንሃል። ዴጃቩ የሚከተለው፣ ኤቨሪ ዋንግ ዘፈን ለሚለየው ለሻዛም ሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ዘፈኑን እንደ ሰው ጆሮ አይሰማም። ድምፁን በጊዜና በፍሪኩዌንሲ ዘርግቶ ከአካባቢያቸው ጎልተው የወጡትን ነጥቦች ብቻ ይለቅማል፣ ሌላውን ይጥላል። ከዚያ ነጥቦቹን ሁለት ሁለት እያጣመረ የሁለቱን ፍሪኩዌንሲና በመካከላቸው ያለውን ጊዜ አንድ ቁጥር ያደርገዋል፤ ጥንዱ በዘፈኑ ስንተኛ ሰከንድ ላይ እንዳለም ይመዘግባል። የሚኒባስ ሞተርና የረዳቱ ጩኸት ብዙ ነጥብ ይሸፍናሉ፣ የሐሰት ነጥብም ይጨምራሉ፤ የተረፉት ጥንዶች ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። የቅጂህ 2ኛ ሰከንድ ከዘፈኑ 74ኛ፣ 5ኛው ከ77ኛ፣ 8ኛው ከ80ኛ ሰከንድ ጋር ቢገጥም ልዩነቱ ሁሌም 72 ነው። በአጋጣሚ የገጠሙት አንዱ 11፣ አንዱ 140፣ አንዱ 203 እያሉ ይበተናሉ። ፕሮግራሙ ዘፈኑን የሚያውቀው በአንድ ልዩነት ላይ የተከመሩትን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ከብዙ መቶ ጥንዶች ጥቂት ደርዘን ቢተርፉ ይበቁታል።

አሁን ማጫወቻህ 3 በመቶ ይፍጠን። ድምፁ በሰከንድ 44100 ናሙና ተቀድቶ በ4096 ናሙና መስኮት ሲተነተን አንዱ የፍሪኩዌንሲ እርከን ወደ 10.8 ኸርዝ ነው። 1000 ኸርዝ ላይ የነበረው ነጥብ 93ኛው እርከን ላይ መቀመጥ ሲገባው 1030 ሆኖ 96ኛው ላይ ይወድቃል። የጥንዱ ቁጥር ተለወጠ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ «ቀረብ ይላል» የሚባል ነገር አያውቅም። በዕድል የገጠመ ቢኖር እንኳ ልዩነቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ 0.3 ሰከንድ ስለሚንሸራተት አይከመርም።

ምንም ሳትፈታ አረጋግጥ። አንድ የገለበጥከውን ዘፈን ትክክለኛ ቅጂ (ያንኑ ቀረጻ፣ ሌላ ጊዜ የተዘፈነውን አይደለም) ፈልግና በሁለቱም ላይ ከመጀመሪያው የከበሮ ምት እስከ መጨረሻው ያለውን ጊዜ ለካ። ትክክለኛው 300 ሰከንድ፣ ያንተ 291 ቢሆን 300ን ለ291 አካፍል፤ 1.031 ይመጣል። ከካፌ የቀዳኸውን ያልጸዳ ቅጂ ወደ WAV ቀይረህ sox በሚባለው ፕሮግራም በዚያው ልክ አፍጥነው፦

```
sox kafe.wav test.wav speed 1.031
```

`test.wav`ን ሲያገኘው ጥርጣሬው እውነት ሆነ። ያኔ የገለበጥካቸውን ፋይሎች በተቃራኒው አዘግያቸው፤ 291 ለ300 ሲካፈል 0.97 ነው፦

```
sox zefen.wav tikikil.wav speed 0.97
```

`tempo` የሚለውን እንዳትጠቀም፤ እሱ ጊዜውን ብቻ ቀይሮ ፍሪኩዌንሲውን ባለበት ይተወዋል። የድሮውን አሻራ ከዳታቤዙ አጥፍተህ ከተስተካከሉት ፋይሎች እንደ አዲስ አውጣ። ድምፅ ማጽጃውን ተወው፤ የሚፍቀው ጫጫታውን ብቻ ሳይሆን አሻራው የሚሠራባቸውን ነጥቦች ጭምር ነው።

የካሴቱ መጀመሪያ 3 በመቶ፣ መጨረሻው 1 በመቶ ቢያሳይህ ግን አንድ ቁጥር አያስተካክለውም። ያ ብዙ ጊዜ የቀበቶ ጥፋት ነው። በርካሽ የሚሸጡት ቀበቶዎች ቶሎ ሊለጠጡ ይችላሉ፤ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ የተገጠመለት ማጫወቻም ሞልቷል፣ ይህ ጥገና አይባልም። ከመክፈትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፣ በብዙዎቹ 220 ቮልቱ ማብሪያው ቢጠፋም እስከ ትራንስፎርመሩ ይደርሳል። ቀበቶው የሚያብለጨልጭ ወይም የሚልመጠመጥ ከሆነ በልኩ ቀይረው፤ ከመጠኑ የወፈረም ራሱ ያፈጥናል። ፍጥነቱ ወጥ ሆኖ ከበዛ በሞተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ብሎን ሰው ነክቷት ይሆናል። የነበረችበትን በቀለም ምልክት አድርግ፣ ጥቂት አዙር፣ ክደን፣ ሰካ፣ ለካ። እንደገና ልታዞር ስትል እንደገና ሶኬቱን ንቀል፤ እየሠራ ማስተካከል ይፈጥናል የሚሉህን አትስማ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የማይገኝ አንድ ነገር ይኖራል። ያንኑ አምባሰል ሌላ ሰው ሲዘፍነው ወይም ያው ዘፋኝ በሰርግ ላይ ሲደግመው ፕሮግራሙ አያውቀውም፤ የተመዘገበው ዜማው ሳይሆን ያ አንድ ቀረጻ ነውና። እሱን ስትፈልግ ማሽኑን አትፍታ።