ኳሷ ለምን አልከበደችም? የደሴና የኮምቦልቻ አኒሜተሮች ጥያቄና መልስ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው የምቆጥረው። ደግሞ ንጥረቷ ሳይስተካከል ኳሷን አትጨፍልቁ።

«ስኳሽ በጨመርኩ ቁጥር ኳሴ ሊጥ ትመስላለች። ብረት እንድትመስል ምን ልጨምር?» (ከፒያሳ)

አትጨምር፤ አጥፋው። ብረት መሬት ሲመታ ቅርጹ ሲለወጥ በዓይን አይታይም። ክብደቱ የሚታወቀው ከነጠረ በኋላ ነው። ሁለት ኳስ ከአንድ ከፍታ ልቀቅ፤ ሁለቱም በ12 ፍሬም መሬት ይንኩ። ከባዷ 3 ፍሬም ብቻ ትውጣ፣ በ3 ትመለስ። ጊዜው ሩብ ሲሆን ከፍታው የሩብ ሩብ ነው፤ ማለትም ከመጀመሪያው 1/16። ከዚያ ተንከባልላ ትቁም። የጎማዋ ግን በ10 ፍሬም ትውጣ፣ ቀጥሎ በ8፣ ቀጥሎ በ7። ሆጤ ሜዳ የካልሲ ኳስ ያንከባለለ ልጅ ይህን ያውቀዋል፦ ጨርቋ «ዷ» ብላ እዚያው ትቀራለች።

«ከባድ ነገር ቶሎ አይወድቅም እንዴ?» (ከኮምቦልቻ)

አይወድቅም። ለዚህ ነው ሁለቱንም 12 ያልኩት።

— ፊኛስ?

ፊኛን አየር ይይዘዋል። እሱ ሌላ ነው።

— ጦሳ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ እዚያ ብንለቀውስ?

ወንድሜ፣ ለ12 ፍሬም ጦሳ አይወጣም።

«ለጎማዋ ስኳሹ ስንት ፍሬም ይሁን?» (ከሰኞ ገበያ)

አንድ፤ ቢበዛ ሁለት። ቁመቷን 0.8 ካደረግሽ ወርዷ 1.25 ይሁን፤ አለዚያ የተነፈሰች ትመስላለች። በሦስት ገጽታ ከሆነ በሁለቱም ጎን 1.12 ይበቃል። የምትጨፈልቂበት ነጥብ ከሥሯ ይሁን፤ መሐሏ ላይ ከተውሽው ስትጨፈለቅ ከመሬት ትነሳለች። መለጠጡ ፍጥነት ባለበት ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ስትደርስ ድቡልቡል ትሁን። ከስኳሹ በፊት ባለው ፍሬም ደግሞ እንደተለጠጠች መሬቱን ትንካ። እሱን ከዘለልሽ አየር ላይ የተጨፈለቀች ይመስላል። ደግሜ እላለሁ፦ መጀመሪያ ንጥረቱ፣ ከዚያ ስኳሹ።

«ብሌንደር ላይ መሬት ስትነካ ትንሳፈፋለች።»

Graph Editor ውስጥ የመሬቱን ቁልፎች ምረጥ፣ V ተጫን፣ Vector በል።

«ከመውደቋ በፊት አንቲሲፔሽን ልስጣት?»

ማን ጣላት? ራሷ ከወደቀች አትስጣት፤ ነፍስ ዘርታ ቁጭ ትላለች። ነፍስ ያላት ኳስ ከሆነች ግን ትንደርደር። ቀላሏ 4 ፍሬም ዝቅ ብላ ትፈናጠር። ከባዷ 12 ፍሬም ታጎንብስ፣ ያን ሁሉ ለፍታ ጥቂት ትዝለል።

— እኔ ለሠርግ ቪዲዮ ቀለበት ሳነጥር ስኳሽ ሰጥቼው ሙሽራው «ላስቲክ ነው?» አለኝ።

አብሽር። መልሱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

— እንደ እኔ ግን ለብረትም አንድ ፍሬም መለጠጥ ይፈቀዳል። እንደ ብዥታ ነው የሚታየው፤ ስኳሹን ብቻ ነው መከልከል።

ለካርቱን ይሁንልህ። እኔ የማደርገው አይመስለኝም።

«ኳሴ ጥሩ አልሆነችም፣ ምን ላድርግ?»

የቱ ጋ? ስንተኛው ፍሬም ላይ?