ስሟን ብቻ ለምታውቋት ሴት ስትጽፉ

ውድ ወጣቶች፣

ሠላሳ ዓመት ያህል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስጽፍና ሌሎች የጻፉትን ሳርም ኖሬአለሁ። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ሐሳቡም የጠራ ደብዳቤ በመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ሲበላሽ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከ Dear ቀጥሎ ምን ይግባ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህች ቦታ ነው።

ለወንድ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። አገባም አላገባም፣ ሃያ ዓመቱ ይሁን ሰማንያ፣ ሚስተር ይበቃዋል። ለሴት ግን እንግሊዝኛ ሦስት ቃላት ያቀርብላችኋል። ሚስ ላላገባች፣ ሚሲስ ላገባች ነው። ሦስተኛው ሚዝ ነው፤ ስለ ትዳር ምንም አይናገርም። ሚዝ ሲጻፍ Ms ነው፤ ሲነገር ግን መጨረሻው እንደ “ዝ” ይረግጣል። ይህን የማያውቅ ሰው በስልክ “ሚስ” ይልና ሳያስበው ሴትዮዋን ያላገባች ያደርጋታል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንዲት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መጻፍ ነበረብኝ። ኃላፊ ከሆነች በዕድሜ ገፋ ያለች ትሆናለች፣ በዕድሜ ከገፋች ደግሞ አግብታለች ብዬ ገመትኩና ደብዳቤውን በሚሲስ ጀመርኩት። በአማርኛ ወይዘሮ ማለት የክብር አጠራር ስለሆነ እዚያም አክብሮት የጨመርኩ መስሎኝ ነበር። መልሷ ሲመጣ ከፊርማዋ በታች ስሟ በታይፕ ተጽፎ፣ ከጎኑ በቅንፍ ሚስ የሚል ነበረበት። አላስተዋልኩትም። ሁለተኛውንም ደብዳቤ በሚሲስ ጻፍኩላት። በሁለተኛው መልሷ የጠየቅኳትን ሁሉ በትሕትና ከመለሰችልኝ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ እርስዎ በሚጽፉት አጠራር ትጠራ የነበረችው እናቴ ናት፣ እሷም ካረፈች ቆይታለች።

ያቺን መስመር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እናቷን ለምን እንዳነሣች የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ሚሲስ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ሴትዮዋ ባለትዳር መሆኗን ነው። ሁለተኛውና ብዙዎቻችን የማናየው ደግሞ ከኋላው የሚከተለው የቤተሰብ ስም የባሏ መሆኑን ነው። ሚሲስ ካርተር ማለት በልማዱ የአቶ ካርተር ሚስት ማለት ነው። ስለዚህ በአባቷ ስም የምትጠራ ሴት ላይ ሚሲስ ስትለጥፉ የአባቷን ሚስት ጠራችሁ ማለት ነው። እኛ አቶንም ወይዘሮንም ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር ስለምናስኬድ ይህ ወዲያው አይታየንም። በእንግሊዝኛ ማዕረጉ የሚሄደው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። በቀድሞው ሥርዓትማ የሴቲቱ የራሷ ስም ጨርሶ ይጠፋና የባሏ ሙሉ ስም ይተካ ነበር፤ የጆን ስሚዝ ባለቤት ሚሲስ ጆን ስሚዝ ተብላ ትጻፍ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሚስም ሚሲስም የወጡት ሚስትረስ ከሚል አንድ ቃል ነው፤ የቤት እመቤት፣ አዛዥ እንደማለት ነው። እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሚሲስ የሚያመለክተው የሴትዮዋን የኑሮ ደረጃ እንጂ ትዳሯን አልነበረም፤ ያላገባች ሴትም ትጠራበት ነበር። ትዳርን መለያ የሆነው ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማያውቃት ሴት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ስለ ትዳሯ ለመገመት ተገደደ።

ችግሩን ቀድሞ በግልጽ የጻፈው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚታተመው ስፕሪንግፊልድ ሪፐብሊካን ጋዜጣ ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1901። አንዲት ሴት ማግባት አለማግባቷን ባለማወቅ ሁሉም ሰው የሚቸገርበት ጊዜ አለ አለና Ms ይጻፍ፣ አነባበቡም ሚዝ ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ቃሉ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰፊ አገልግሎት አላገኘም። በ1961 ሺላ ማይክልስ የተባለች ወጣት አሜሪካዊት አብራት ለምትኖረው ጓደኛዋ በመጣ ፖስታ ላይ Ms አየችና መጀመሪያ የፊደል ስሕተት መሰላት። ኋላ ግን የምትፈልገው ቃል እሱ እንደሆነ ገባት። የአባትም የባልም ንብረት ያልሆነች ሴት የምትጠራበት ነበር የምትፈልገው። በ1969 በኒው ዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ቃሉ ተናገረች። በ1972 ሚዝ የሚል መጽሔት ራሱን ችሎ መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት ቃሉ በመንግሥት ጽሑፎች እንዲገባ ፈቀደ።

ኒው ዮርክ ታይምስ ግን አልተቀበለውም ነበር። በ1984 ጀራልዲን ፌራሮ ከአሜሪካ ትልልቅ ፓርቲዎች ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን ጋዜጣው ችግር ገጠመው። ፌራሮ ባለትዳር ናት፤ ስለዚህ ሚስ ማለት ሐሰት ነው። ባሏ ግን ጆን ዛካሮ ይባላል፤ እሷ የምትሠራው በአባቷ ስም ነው። ስለዚህ ሚሲስ ፌራሮ እሷ አይደለችም፣ እናቷ ናት። ሚሲስ ዛካሮ ቢሉ ደግሞ አንባቢው ማን እንደሆነች አያውቅም። ጋዜጣው ትክክል ባይሆንም በሚሲስ ፌራሮ ቀጠለ፤ ሚዝን የተቀበለው በጁን 1986 ነው። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ለእኔ የጻፈችልኝና የፌራሮ ጉዳይ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ለትምህርት ዕድል ማመልከቻ ልትጽፉ ነው እንበል፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ስም Robin Carter ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ሮቢን የወንድም የሴትም ስም ነው፤ ሌስሊና ጆርዳንም እንዲሁ። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ሚስተር ትጽፋላችሁ፤ ምክንያቱም ኃላፊ ሲባል ወንድ ይታያችኋል። እባካችሁ ቁሙና ጥቂት ደቂቃ ፈልጉ። መሥሪያ ቤቱ ስለ ሠራተኞቹ በጻፈው ውስጥ እሱ ወይስ እሷ ይላል? ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ቀድሞ የጻፉላችሁ መልእክት ካለ ከፊርማው ሥር ማዕረግ አለ? ዶክተር ወይም ፕሮፌሰር የሚል ካገኛችሁ ችግሩ አለቀ፤ ሁለቱም ጾታም ትዳርም አይጠይቁም፣ ከሌሎቹም ይቀድማሉ። እዚህ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በብሪታንያ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪሞች በልማድ ዶክተር አይባሉም፤ ሚስተር፣ ሚስ፣ ሚሲስ ወይም ሚዝ ይባላሉ። እዚያ በፊርማው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ እንጂ ከፍ አደረግኩ ብላችሁ አትለውጡት።

ፈልጋችሁ ሴት መሆኗን ካወቃችሁና ማዕረጓን ካላገኛችሁ እንዲህ ጻፉ፦

```
Dear Ms Carter
```

ስለ ትዳሯ ፍንጭ ብታገኙም ሚዝን አትተዉት። ማግባቷን ብታውቁ እንኳ ካርተር የባሏ ይሁን የአባቷ ስም አታውቁም። ሁለቱን ሳታውቁ ሚሲስ ማለት እኔ የሠራሁትን ስሕተት መድገም ነው።

ፈልጋችሁ ሴት ትሁን ወንድ ካልታወቀ ማዕረጉን ተዉትና ሙሉ ስሙን ጻፉ፦

```
Dear Robin Carter
```

ይህ አጻጻፍ ትንሽ ደረቅ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። ግን አንድም ሐሰት የለበትም። ማዕረግና ሙሉ ስም አንድ ላይ በሰላምታ መስመር ላይ አትደርድሩ፤ ማዕረግን ከመጀመሪያ ስም ጋርም አታጣምሩ። ሚዝ ሮቢን ብሎ መጻፍ አንባቢዋ ልጅ ሆና የተጠራች ያህል ሊያስመስል ይችላል። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ሰውየውን በኃላፊነቱ ጥሩት፤ ለቅጥር ኃላፊው Dear Hiring Manager እንደሚባለው። የድሮው Dear Sir or Madam አሁንም ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ስሙ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ሳለ እሱን ከተጠቀማችሁ ማስታወቂያውን እንዳላነበባችሁ ያሳብቅባችኋል። በብሪታንያ አጻጻፍ በስም የጀመረ ደብዳቤ Yours sincerely ብሎ ያልቃል፤ ያለ ስም በሰር ወይም በማዳም የጀመረ ደግሞ Yours faithfully ይላል።

ሚክስ የሚባል፣ Mx ተብሎ የሚጻፍ ማዕረግም አለ። ጾታን አይናገርም፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጽሑፍ ታይቷል፣ በብሪታንያም ብዙ ቅጾች ላይ ይገኛል። ታዲያ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ለምን ሚክስ አልለውም የሚል ወጣት አጋጥሞኛል። ሐሳቡን አከብራለሁ፣ ግን አልመክርም። ሚክስ በአብዛኛው ሰዎች ለራሳቸው መርጠው የሚይዙት ማዕረግ ነው፤ ላልመረጠው ሰው ስትሰጡት ስለ እሱ አዲስ ግምት ጨመራችሁ። ራሱ ሚክስ ብሎ ከፈረመ ግን ያለ ማመንታት ሚክስ በሉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ሰው ራሱን የጠራበት ማዕረግ ከማንኛውም ደንብ ይበልጣል። ሚሲስ ብላ የፈረመች ሴት ሚሲስ ትባል፤ ብዙዎች በዚያ ስም ረጅም ዕድሜ ኖረዋልና በእሷ ላይ ሚዝን መጫን ጨዋነት አይደለም። ሚስ ያለችም እንዲሁ። ሚዝ ለምታውቋት ሳይሆን ለማታውቋት ነው።

ስለ ነጥቧም ጠይቃችሁኛል። አሜሪካውያን ከ Mr፣ ከ Mrs እና ከ Ms በኋላ ነጥብ ያደርጋሉ፤ ብሪታንያውያን አብዛኛውን ጊዜ አያደርጉም። ሚስ በሁለቱም ዘንድ ነጥብ የለውም፤ ያልተቆረጠ ሙሉ ቃል ነውና። አንዱን ምረጡና በደብዳቤው ሁሉ ጠብቁት።

ለእናንተ የሚመልሰው ሰውም ያው ችግር እንዳለበት አስቡለት። ስማችሁን አይቶ ወንድ ትሁኑ ሴት ላያውቅ ይችላል። ከፊርማችሁ በታች ስማችሁን ጽፋችሁ ከጎኑ በቅንፍ ሚስተር ወይም ሚዝ ብላችሁ አስቀምጡ። ራስን ማክበር አይደለም፤ ያ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ያደረገችልኝና እኔ ሳላየው ያለፍኩት ውለታ ነው። መልሱ ሲመጣም ከጽሑፉ በፊት ፊርማውን ተመልከቱ። ሮቢን ብላ ብቻ ከፈረመችና እናንተንም በመጀመሪያ ስማችሁ ከጠራቻችሁ የሚቀጥለው ደብዳቤያችሁ Dear Robin ይበል። በማዕረግ ከጠራቻችሁ እናንተም እሷ እስክትተወው ድረስ በማዕረግ ቀጥሉ።