ሂፖካምፐሱ ከሁለቱም ጎን የወጣለት ሰው፦ ጥያቄና መልስ

ሄንሪ ሞላይሰን የአጭር ጊዜ ትውስታውን አጣ ይባላል። ታዲያ እንዴት ከሰው ጋር ያወራ ነበር?

የአጭር ጊዜውስ አልተነካም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዊሊያም ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም፣ የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ከሁለቱም ጎን በጆሮ አካባቢ ያለውን የአንጎል ክፍል፣ የቴምፖራል ሎብን፣ ውስጠኛ ክፍል አወጣለት፤ አዲስ ትውስታን የሚያጸናው ሂፖካምፐስም እዚያ ነው። ሄንሪ ያኔ 27 ዓመቱ ነበር።

ከቀዶው በኋላ ያጠናችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር ከፈተነቻቸው ነገሮች አንዱ 584ን እንዲያስታውስ መጠየቅ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትጠይቀው በትክክል መለሰ። እንዴት እንደያዘው አስረዳት፦ 8ን ብቻ ታስታውሳለህ። 5፣ 8 እና 4 ሲደመሩ 17 ነው። ከ17 ላይ 8 ሲነሳ 9 ይቀራል። 9 ለሁለት ሲከፈል 5 እና 4። ስለዚህ 584።

ጭንቅላቱ እንደዚህ ይሠራ ነበር። ግን ወዲያው ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ቁጥሩም ጠፋ፣ ቁጥር እንዲይዝ መጠየቁም ጠፋ። የተበላሸው መያዙ ሳይሆን፣ የተያዘው ነገር ሐሳብ ከተበተነ በኋላ እንዲቆይ ማድረጉ ነው።

እኔ የማውቀው ሂፖካምፐሱ ብቻ እንደወጣ ነው። ትክክል ነኝ?

ግማሹ ልክ ነው። ከሂፖካምፐሱ ፊት ያለው፣ ከስሜት ጋር የተያያዘው አሚግዳላም በአብዛኛው ወጥቷል። ወደ ሂፖካምፐስ መረጃ የሚያስገባው ኢንቶራይናል ኮርቴክስም እንዲሁ። ስኮቪል ወደ ኋላ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሄደ ገምቶ ነበር። በ1990ዎቹ በኤምአርአይ ሲታይ ግን 5 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከኋላ በኩል የሂፖካምፐስ ቁራጭ ቀርቶለት ነበር፣ የኮሰመነ ቢሆንም። መግቢያው ከተቆረጠ ግን የቀረው ብዙም አይሠራ ይሆናል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የሌሎቹ ታካሚዎች ታሪክ ነው። ስኮቪልና ሚልነር በ1957 ካቀረቧቸው መካከል ቀዶው ከፊት ጫፉና ከአሚግዳላው ያላለፈ አንድ ሰው ነበረ፤ ትውስታው አልጠፋም። ወደ ኋላ ሂፖካምፐሱን የነካባቸው ናቸው የተጎዱት።

እህቴ ለሚጥል በሽታ በአንድ ጎን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ነው። እንደ ሄንሪ ትሆናለች ወይ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። የእሱ ጉዳይ ግን የሁለት ጎን ነው። አንዱ ጎን ጤነኛ ከሆነ እንደዚያ ያለ ጥልቅ መርሳት አይጠበቅም። በተለይ በግራ በኩል ሲሆን ቃላትንና ስሞችን ማስታወስ ሊዳከም ይችላል፤ ይህን ሐኪሞቿ አስቀድመው ሊነግሯችሁ ይገባል።

አደጋው ሌላኛው ጎን ቀድሞ ተጎድቶ ከሆነ ነው። በሞንትሪያል የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ የፔንፊልድ ታካሚ የነበረ አንድ ሰው በግራ ብቻ ተቀዶ ትውስታውን አጣ። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር የቀኝ ሂፖካምፐሱ ለረጅም ጊዜ ኮስምኖ እንደኖረ ታወቀ። ስለዚህ "የሚቀረው ጎን ብቻውን ይችላል ወይ? በምን አያችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ። ከቀዶው በፊት የትውስታ ፈተናና ኤምአርአይ የሚደረገው በከፊል ለዚህ ነው።

ልጅነቱን ካስታወሰ፣ የድሮ ትዝታ ከሂፖካምፐስ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል ማለት ነዋ?

የመጀመሪያው ግምት ይህ ነበር። ከቀዶው በፊት የነበሩ ቅርብ ዓመታት ተሸርሽረዋል፤ ልጅነቱና የወላጆቹ ነገር ግን ቀርተውለታል። ሲብራራ፦ ሂፖካምፐስ በአንጎል ቅርፊት፣ በኮርቴክስ፣ የተበተኑትን የገጠመኙን ቁርጥራጮች ያያይዛል። በዓመታት ውስጥ፣ በእንቅልፍም ጊዜ፣ ያ ሲደጋገም ኮርቴክሱ ራሱ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ትውስታውም ይጸናል።

ችግሩ የጠፋው ዘመን ርዝመት ነው። መጀመሪያ ጥቂት ዓመታት ተባለ፤ በኋላ ሲፈተን 11 ዓመት ገደማ ተደርሷል። በዚያ ላይ ከቀዶው በፊት ለዓመታት ይጥለው ነበር፤ ብዙ መድኃኒትም ወስዷል። የትኛውን የቱ እንዳጠፋው መለየት ይከብዳል።

በዚህ አልስማማም። የትውስታ ተመራማሪዎቹ ናዴልና ሞስኮቪች በ1997 ዝርዝር ትዝታ ከሂፖካምፐስ ፈጽሞ እንደማይላቀቅ ተከራክረዋል። የሄንሪ ልጅነትም እኮ ጥቅል ወሬ እንጂ ትዕይንት አልነበረም።

ጠንካራ ነጥብ ነው፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ሄንሪ ወላጆቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል፤ "አንድ ቀን እንዲህ ሆነ" የሚል ታሪክ ግን እምብዛም አይወጣውም። ግልጽ አድርጎ የሚተርከው በልጅነቱ በትንሽ አውሮፕላን የበረረበትን ቀን ነው። ያ አንዱ ትዝታ ለሁለቱም ወገን ያስቸግራል፤ ሂፖካምፐስ የግድ ከሆነ ለምን ቀረ? ካልሆነስ ለምን ብቻውን?

የትውስታ ተመራማሪው የላሪ ስኳየር ቡድን ደግሞ ጉዳታቸው በዚያ አካባቢ ብቻ የተወሰነ ታካሚዎች የልጅነታቸውን ቀን በዝርዝር እንደሚተርኩ ዘግቧል። ከሁለት አንዱ ትክክል ነው ወይስ የጉዳቱ ስፋት ነው የሚለያየው? ለእኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ግን የዝርዝርነት መለኪያቸው ራሱ ይለያያል፤ ያ ካልተስተካከለ ክርክሩ ይቀጥላል።