ስለ ሳምፕል ለምታጠኑ ልጆቼ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት የሕግ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ የሂፕ ሆፕ ልጆች ከሰው ዘፈን ቆርጠው ሲወስዱ የወሰዱት የማንን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

መሐል ሜዳ አንድ መሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። ሰርግ ላይ ሲጫወቱ አንድ ነጋዴ በቴፕ ቀዳቸውና ካሴቱን ገበያ አወጣው። ሰምተው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ዜማው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የመንዝ ዜማ እንደሆነ ራሳቸው ነገሩኝ። «ይህ ግን የእኔ ነው» አሉና አንዲቷን ድምፅ በመሲንቆው ይዘው፣ በጉሮሯቸው ደግሞ ዙሪያዋን ሲዞሯት አሰሙኝ። የዚያን ጊዜው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቀው ደራሲን ነው። ለከዋኝ፣ ማለትም ዘፈኑን ለሚጫወተው ሰው፣ መብት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኋላ የጄምስ ኒውተንን መዝገብ ሳነብ እኒያ ሰው ትዝ አሉኝ። ኒውተን አሜሪካዊ ፍሉት ተጫዋች ነው፤ እየነፋ በጉሮሮውም ያዜማል። ቢስቲ ቦይስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ዘፈን ከእሱ ሥራ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆርጦ እየደጋገመ ተጠቀመ። የወሰደው፣ ይገርማችኋል፣ «አክሱም» ከሚባል አልበም ነው። ቡድኑ ለተቀዳው ድምፅ፣ ማለትም ለቅጂው፣ ባለቤት ለአሳታሚው 1,000 ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አግኝቷል። የድርሰቱ ባለቤት ኒውተን ግን አልተጠየቀም።

ኒውተን የመሠረተው ክስ እንግዲህ በድርሰቱ ላይ ብቻ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ትንፋሹን፣ የድምፁን ቀለም፣ አነፋፉን ሁሉ «ፈቃድ የተገኘበት የቅጂው ነው» ብሎ ለየው። ድርሰቱ በኖታ በተጻፈበት ወረቀት ላይ የተረፈው አንድ ተይዞ የሚቆይ ድምፅና ከላዩ የሚዜሙ ሦስት ኖታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይግባኝ ሰሚው ይህ ለክስ የማይበቃ ኢምንት ነው አለ።

ፍርዱ በሕግ ልክ ነው እላለሁ። ከብዙኃኑ ዳኞች የተለየችውን ዳኛ የግሬበርን ሐሳብ ሳነብ ደግሞ ልቤ ወደ እሷ ያዘነብላል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ሙዚቃውን ሳትሰሙ «ስርቆት ወይስ ጥበብ?» የሚል ርዕስ ታወጣላችሁ፤ ይህ አይዋጥልኝም። መጀመሪያ ከወረቀቱ የተወሰደውንና ከትንፋሹ የተወሰደውን በጆሯችሁ ለዩ።

ከዚያ በእኛ አዋጅ ፈትኑት። ዛሬ ቢሆን ያ ነጋዴ ያለ ፈቃዳቸው መቅዳት አይችልም ነበር፤ ከዚያ ካሴት የሚቆርጥ ራፐርም ከከዋኙ መብት ጋር ይጋጫል። ሌላ መሲንቆ ተጫዋች ቀጥሮ ያንኑ የአገር ዜማ በእሳቸው አጨዋወት ቢያስመስል ግን የከዋኝ መብት አይደርስበትም። ያቺ በጉሮሮ የምትዞር ድምፅ ከዚህ በኋላ የማን እንደሆነች ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ እኔ እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።